ከቤት የተቋጠረ ምሳ ሁሉ ጤናማ ነው?

የካ ውስጥ ሐኪም ነኝ። «ምሳዬን ከቤት ነው የምይዘው፤ ታዲያ ሆዴን ለምን ያመኛል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የምጠይቀው ምግቡ ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው።

ኮተቤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተቋጠረ ሩዝ 6 ሰዓት ሲበላ 5 ሰዓት ሆኖታል። የበሰለ ምግብ ግን ያለ ፍሪጅ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሩዝ ላይ የሚራባ አንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ቢሞቅም አይጠፋም፤ ሽታውም ላይለወጥ ይችላል።

1. ቢሮ ፍሪጅ ካለ ከቤት ያዙ። እሑድ ማታ የተሠራ አንድ ድስት ምስር ወጥ፣ በትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ፍሪጅ ከገባ፣ እስከ ረቡዕ ያደርሳል። ከመግዛት ይረክሳል፤ ዘይቱንና ጨውንም የምትመጥኑት እናንተ ናችሁ። ስትበሉ እስኪፈላ አሙቁት።

2. ፍሪጅ ከሌለ እየፈላ የሚቀርብ ተጋቢኖ መግዛት ይሻላል።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ምሳችሁ ቢሮ የት እንደሚቀመጥም ንገሩኝ።