የልጅን የቁማር ዕዳ ማን ይክፈል?

የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየሰፈሩ ከተከፈቱ ወዲህ ብዙ ወላጆች ያልጠበቁት ስልክ ይደወልላቸዋል። ደዋዩ የዕቁብ ሰብሳቢው ይሆናል፤ አንዳንዴም ገንዘቡን ያበደረ የልጃቸው ጓደኛ። ልጁ ተጠርቶ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ «አባዬ፣ ይህችን አንዴ ብቻ ክፈልልኝ፣ ሁለተኛ አልደግመውም» ይላል። እናት ታለቅሳለች፣ አባት የቁጠባ ደብተሩን ያወጣል።

ችግሩ ያለው እዚያች ደብተር ላይ ነው። የቁማር ሱሰኞችን በማከም ስማቸው ከሚነሳ ቀደምት ሐኪሞች አንዱ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ከስተር ነበሩ። እሳቸው ካስተዋሉት ነገር አንዱ፣ ቤተሰብ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ሲዘጋለት ቁማርተኛው እፎይታውን እንደ ትልቅ ድል እንደሚቆጥረው ነው። አበዳሪው ይሄዳል፣ ፍርሃቱ ይለቃል፣ መበደሪያው መንገድ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም በቁማር ከደረሰ የገንዘብ ጭንቅ ለመውጣት በሌሎች ገንዘብ መታመንን ከሕመሙ ዘጠኝ ምልክቶች መካከል አስቀምጦታል።

እንግዲያው ልጁን ለዕዳው ጥሎ መተው ይሻላል? ይህም አይሆንም፤ ምክንያቱም ሁሉም ዕዳ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። ወር በገባ 15,000 ብር ደመወዝ የሚያገኝ የ27 ዓመት ወጣት ከወላጆቹ ጋር ይኖራል። በአባቱ ዋስትና ዕቁብ አስቀድሞ በልቶ ገንዘቡን በውርርድ ጨርሶታል፤ ገና 90,000 ብር መጣል ይቀረዋል። ከጓደኞቹ 40,000፣ በሞባይል ከሚሰጠው የባንክ ብድር 10,000 ወስዷል። ከአራጣ አበዳሪ የተቀበለው 40,000 ደግሞ አሁን «60,000 ደርሷል» ይባላል።

የዕቁቡን ዕዳ አባት ሊሸሹት አይችሉም። ዋስ ናቸውና ልጁ ካልጣለ እሳቸው ይጠየቃሉ፤ ካልተከፈለም የሚጎዱት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ሌላው ዕዳ ግን የእሳቸው አይደለም። ልጁ ዕድሜው 18 ዓመት ስለሞላ ዋስ ካልሆኑለት በቀር ሕግ ወላጅን አያስከፍልም። አራጣው ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በብድር ላይ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስጠይቃል። አበዳሪው ሲዝት ተሯሩጦ 60,000 ብር ከማስረከብ ጠበቃ ማማከር፣ ዛቻው ከበረታም ለፖሊስ ማመልከት ይቀድማል።

ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የቁማርተኞች መረዳጃ ማኅበር አባላት የሚከተሉት አሠራር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዕዳው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ አበዳሪዎቹ ይነገራቸዋል፣ ከደመወዙ ለሁሉም በትንሽ በትንሹ ይከፈላል። በምሳሌያችን ወጣቱ በየወሩ 10,000 ብር ቢመድብ የጓደኞቹን፣ የባንኩንና የአራጣ አበዳሪውን ዋና ገንዘብ፣ በጠቅላላው 90,000 ብር፣ በዘጠኝ ወር ይጨርሳል። በሕግ የሚገባ ወለድ ካለ ጥቂት ይጨምራል። ከዚያ በኋላ አባቱ ለዕቁቡ የጣሉለትን ለመመለስ ሌላ ዘጠኝ ወር ይከፍላል። ወላጆች የሚያግዙት ቤት ውስጥ አብልተው አሳድረው ነው፤ ብሩንም ለእሱ ሳይሆን በቀጥታ ለባለ ዕዳው ያደርሳሉ። ደመወዙ በእናት በኩል ቢያልፍ፣ የቁማር አካውንቶቹም ቢዘጉ ፈተናው ይቀንሳል።

ዕቅዱ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በተደበቀ ዕዳ ነው። ልጅ የመጀመሪያ ቀን የሚናገረው ከእውነተኛው ማነሱ የተለመደ ስለሆነ ወላጅ የባንክ መግለጫውንና የቴሌብር ዝውውሩን አብሮ ሳያይ አንድ ብር መክፈል የለበትም። ከሁለት ወር በኋላ ያልተጻፈ ስም ከመጣ፣ ወይም ልጁ «ስልኬን አትንኩ» ማለት ከጀመረ ውርርዱ አልቆመም ማለት ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያስቸኩል ነገርም አለ። በቁማር ሱስ የተያዙ ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከፍተኛ ነው፤ ዕዳው በተገለጠ ሰሞን ደግሞ ኀፍረቱ ይበረታል። ልጁ «መሞት ይሻለኛል» ካለ ዕዳው ይቆይ። ብቻውን አይተውት፤ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ የጤና ተቋም ይውሰዱት።

ስለዚህ ወላጆች ዋስ የሆኑበትን ይክፈሉ፣ ሕክምናውን ያግዙ፣ ሌላውን ዕዳ ግን ልጁ ከደመወዙ ይክፈል። የቤት ካርታ አስይዞ ሁሉንም በአንድ ቀን መዝጋት ግን መደረግ የለበትም፤ ውርርዱ ካልቆመ ወላጆች ያለ ቤት፣ ልጁም ከነሱሱ ይቀራሉ።