10፡00 የማን ሰዓት ነው?

አንዲት ወዳጄ ዱባይ ካለ ቀጣሪ በዋትሳፕ «ማክሰኞ 10:00» የሚል የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ደረሳት። «እሺ» ብላ መለሰችና ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ለባብሳ ተቀመጠች። ስልኳ ግን የጠራው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፤ ያኔ ታክሲ ውስጥ ስለነበረች አልሰማችውም። ዱባይ አዲስ አበባን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ የእነሱ 10:00 AM በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ይቅርታ ጠይቃ ሁለተኛ ዕድል ስታገኝ ቀድማ አማራጭ ያቀረበችው እሷ ነበረች፦ «ረቡዕ 9:00 AM በአዲስ አበባ፣ 10:00 AM በዱባይ፤ ወይም ሐሙስ 2:00 PM በአዲስ አበባ፣ 3:00 PM በዱባይ»። ሁለቱም ከተሞች ሰዓታቸውን ስለማይቀያይሩ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ዋሽንግተን ቢሆን ግን ከመጋቢት መጀመሪያ ግድም እስከ ጥቅምት መጨረሻ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ነው።

ቀጥላ «በስልክ ነው ወይስ በቪዲዮ?» አለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በኤምሬቶች የዋትሳፕ ጽሑፍ ቢሠራም የዋትሳፕ ጥሪ በአብዛኛው ዝግ ነው። ቀጣሪው የዙም ሊንክ ላከላት። እናንተም ሊንኩ እስከ ዋዜማው ካልደረሳችሁ ጠይቁ።