«ነገ ቀድሞ የመጣ»፦ አስፔክት ከሰዋስዋዊ ጊዜ የሚለይበት ነጥብ

በትምህርት ቤት ሰዋስው «መጣ» የኃላፊ ጊዜ፣ «ይመጣል» ደግሞ የትንቢት ጊዜ ግሥ ነው ይባላል። ይህ አከፋፈል በዋና ዐረፍተ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። «ነገ ቀድሞ የመጣ ተማሪ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል» ሲባል ግን «መጣ» የሚያመለክተው ገና ያልተፈጸመ ድርጊትን ነው። በአንጻሩ «ትናንት ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አገኘች» በሚለው ውስጥ የትንቢት የተባለው ቅርጽ ያለፈ ድርጊትን ይገልጻል። ቅርጹ ሳይለወጥ ጊዜው ከተለወጠ፣ ቅርጹ የሚያመለክተው ከጊዜ ሌላ ነገር መሆን አለበት። ይህ ነገር በሥነ ልሳን አስፔክት ይባላል።

የሁለቱን ልዩነት ለማሳየት ቮልፍጋንግ ክላይን በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አከፋፈል ይረዳል። በዚህ አከፋፈል ሦስት ጊዜያት አሉ፤ እነርሱም የንግግሩ ጊዜ፣ ድርጊቱ የቆየበት ጊዜ፣ እና ተናጋሪው ስለ እርሱ የሚናገርለት ጊዜ ናቸው። ሰዋስዋዊ ጊዜ የሚነገርለትን ጊዜ ከንግግሩ ጊዜ ጋር ያዛምዳል፤ አስፔክት ግን የሚነገርለትን ጊዜ ከድርጊቱ ቆይታ ጋር ያዛምዳል። ድርጊቱ በሚነገርለት ጊዜ ውስጥ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ሲታይ አስፔክቱ ፍጹም ይባላል። የሚነገርለት ጊዜ በድርጊቱ ቆይታ ውስጥ ሲያርፍና ጅምሩም ፍጻሜውም ከእይታ ውጭ ሲቀሩ ደግሞ ኢፍጹም ይባላል።

የሚከተሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይህን ያሳያሉ፦

(1) ትናንት አራት ሰዓት ላይ ደብዳቤ ጻፈች።
(2) ትናንት አራት ሰዓት ላይ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር።

ሁለቱም ስለ አንድ ያለፈ ሰዓት ይናገራሉ፤ በሰዋስዋዊ ጊዜ አይለያዩም። በ(1) ግን መጻፉ እንደ አንድ ክንውን አራት ሰዓት ላይ ይቀመጣል፤ ሰሚው የሚረዳው መጻፍ የጀመረችው ያን ጊዜ መሆኑን ነው። በ(2) አራት ሰዓት በመጻፉ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ «ሦስት ሰዓት ላይ ጀምራ» የሚለው ሐረግ ለ(2) ያለ ችግር ይስማማል፤ በ(1) ላይ ሲጨመር ግን ያውካል። በ(2) ያለፈ ጊዜን የሚያመለክተው «ነበር» ነው፤ አስፔክቱን የያዘው ደግሞ «ትጽፍ» ነው። አማርኛ ሁለቱን ፈርጆች በሁለት ቃላት ለይቶ ሲያሳይ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ብዙ ጊዜ ፍጹም «ያለቀ»፣ ኢፍጹም «ያላለቀ» ወይም «ረዥም» ተደርጎ ይተረጐማል። ይህ ትርጓሜ ያሳስታል። «ዳግማዊ ምኒልክ ከ1889 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. ነገሡ» የሚለው የሁለት ዐሥርት ዓመታትን ንግሥና በፍጹም ቅርጽ ይገልጻል፤ ዘመኑ ቢረዝምም እንደ አንድ ሙሉ ነገር ታይቷል። «ተማሪ ሳለች በየሳምንቱ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር» የሚለው ግን ልማዱ ከቀረ በኋላም ቢነገር ኢፍጹም ነው። መለያው የድርጊቱ ርዝመት ሳይሆን ተናጋሪው ድርጊቱን የሚያይበት አቅጣጫ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የመጣ» ከመቀመጡ በፊት የሆነውን፣ «የሚያነብ» ከማግኘቷ ጋር አብሮ የሆነውን ስለሚያመለክቱ፣ ቅርጾቹ አንጻራዊ ጊዜን ይገልጻሉ ሊባል ይችላል። ለአንጻር ዐረፍተ ነገሮች ይህ ትንታኔ ይሠራል። በ(1) እና በ(2) ግን ሁለቱም ድርጊቶች ከንግግሩ በፊት ናቸው፤ የሚነገርለትም ሰዓት አንድ ነው። (1)ን ከዚያ ሰዓት በፊት እንደሆነ አድርጎ መተንተንም አይቻልም፤ መጻፉ ከአራት ሰዓት ይጀምራልና። የሚቀረው ልዩነት የአስፔክት ነው።

ታዲያ «ጻፈች» ብቻውን ሲቆም ስለምን ያለፈ ጊዜን ያስገነዝባል? የንግግር ቅጽበት አጭር በመሆኑ አንድን ድርጊት ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ሙሉ ሆኖ የታየ ድርጊት ሌላ ፍንጭ ከሌለ ወደ ኋላ ይወሰዳል። ፍንጭ ሲኖር ግን ወደ ፊትም ይሄዳል፤ ከክፍል የሚወጣ ሰው «መጣሁ!» ሲል ማንም ተመልሶ እንደመጣ አይረዳም።

መረጃ የሚሰበስብ ተመራማሪ አንድ ጥንቃቄ ያሻዋል። «ሲ-» ሁልጊዜ ኢፍጹም ቅርጽን፣ ሁኔታን የሚያመለክተው «ከ-» ደግሞ ፍጹም ቅርጽን ይጠይቃሉ። በ«ሲመጣ» እና በ«ከመጣ» መካከል ተናጋሪው በአስፔክት ረገድ ምርጫ ስለሌለው፣ ጥንዱ ለአስፔክት ልዩነት ማስረጃ አይሆንም። ምርጫ ያለው እንደ «የመጣ» እና «የሚመጣ»፣ ወይም እንደ «ጻፈች» እና «ትጽፍ ነበር» ባሉት ጥንዶች ነው። በቃል በቃል ትንተናም የግሡን ቅርጽ ፍጹም ወይም ኢፍጹም፣ «ነበር»ን ደግሞ ኃላፊ ብሎ ለይቶ መመዝገብ ይገባል፤ «የመጣ» በጅምላ ኃላፊ ተብሎ ከተመዘገበ «ነገ ቀድሞ የመጣ» የሚለው እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ ይቀራል።