የአሥር ሰከንድ ዳገት

አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን ከማሸነፉ ከስምንት ቀን በፊት፣ በዚያው ከተማ ብዙም የማይታወቅ የ21 ዓመት ወጣት የ800 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ኒውዚላንዳዊው ፒተር ስኔል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ 800ውንም 1500ውንም አሸነፈ።

አሰልጣኙ አርተር ሊዲያርድ የመካከለኛ ርቀት ሯጮቹን እንደ ማራቶን ሯጭ በሳምንት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ያስሮጣቸው ነበር። በብዛት የሚወራለት በዚህ ነው። ስለ ቀጣዩ ምዕራፍ ግን ብዙ አይባልም። ሯጮቹ ትራክ ከመግባታቸው በፊት ለሳምንታት ዳገት ላይ ይከርሙ ነበር። ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው እየነጠሩ ይወጣሉ፣ አናቱ ላይ ቀስ ብለው ይሮጣሉ፣ ቁልቁለቱን ፈታ ብለው ይወርዳሉ፣ ታች ሜዳው ላይ ደግሞ አጫጭር ፈጣን ሩጫዎች ይሠራሉ። ዛሬ አሰልጣኞች ለየብቻ የሚያዟቸው የዳገት ድግግሞሽና ስትራይድ ያኔ በአንድ ዙር ውስጥ ነበሩ።

ይህ ሥራ የሚለውጠው የሯጩን የኦክስጅን ወጪ ነው። ሁለት ሯጮች በእኩል ፍጥነት ጎን ለጎን እየሮጡ አንዱ ከሌላው ያነሰ ኦክስጅን ሊፈጅ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ሯጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በኪሎ ሜትር 200 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይፈጃል እንበል። ወጪውን ወደ 195 ቢያወርድ፣ ሳንባውና ልቡ ሳይለወጡ በዚያው ትንፋሽ ትንሽ ፈጠን ብሎ መሮጥ ይችላል። ቁጠባው በአብዛኛው ከእግር ይመጣል። እግር መሬት ሲነካ የተረከዝ ጅማት ይለጠጥና ተመልሶ ይገፋል። ጅማቱ ጠንካራ ከሆነና ጡንቻው በሰዓቱ ከተወጠረ፣ ግፊቱ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል። ቁርጭምጭሚቱ የሚላላ ሯጭ ግን ያንን ኃይል በየእርምጃው ያባክነዋል።

ካይል ባርንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 20 ሯጮችን በአምስት ዓይነት የዳገት ልምምድ ለስድስት ሳምንት አሠሩ። የኦክስጅን ወጪ ይበልጥ የቀነሰላቸው ከ8 እስከ 12 ሰከንድ የሚቆይ፣ በጣም ቀጥ ባለ ዳገት ላይ በከፍተኛ ኃይል የሮጡት ናቸው፤ ቅናሹ 2.4 በመቶ ገደማ ነበር። በ5 ኪሎ ሜትር ሰዓት ግን ሁሉም ቡድኖች ተሻሻሉ፤ ከሌሎቹ በግልጽ የበለጠ አልነበረም። 20 ሰው ለአምስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ቡድን የሚደርሰው አራት ብቻ ስለሆነ፣ ውጤቱን አቅጣጫ ጠቋሚ አድርጎ መውሰድ ይበቃል። በተለይ ለ800 ሜትር ሯጭ፣ ከውድድሩ ጉልበት ትልቅ ድርሻ ያለ ኦክስጅን የሚመጣ በመሆኑ፣ ጥቅሙ ከ5 ኪሎ ሜትር ሯጭ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከቀላል ሩጫ በኋላ፣ ሰውነት ሲሟሟቅ፣ ለጀማሪ በሁለት ወይም በሦስት ይጀመራል፤ በሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ይደረሳል። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ገደማ ነው። ሯጩ ደረቱን ቀና አድርጎ፣ በእግሩ ፊት እየረገጠ፣ መሬቱን ወደ ኋላ እየገፋ ይወጣል። ከዚያ በእግሩ እየተራመደ ይወርዳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያርፋል። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ ትንፋሽ ለመመለስ ጊዜ ስለሚወስድ ከዚያም በላይ ቢያርፍ አይከፋም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ዕረፍት ላይ ነው። ዳገት ሲባል እስኪያለከልኩ መሮጥ የሚመስላቸው አሉ፤ ዕረፍቱን ያሳጥሩና ልምምዱ የትንፋሽ ሥራ ይሆናል። እንጦጦን ለደቂቃዎች ሽቅብ መሮጥ የራሱ ጥቅም አለው፤ ግን ሌላ ልምምድ ነው። ለመለየት በሁለተኛው ድግግሞሽ በ10 ሰከንድ የተደረሰበት ቦታ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ ይቻላል። በኋላ ሯጩ ድንጋዩ ጋር ለመድረስ ሁለት እርምጃ ከጎደለው፣ ወይም ዳሌው ወደ ኋላ ቀርቶ የእግሩ ኮቴ መጮህ ከጀመረ፣ የዕለቱ ልምምድ እዚያ ያበቃል። በማግስቱ ጠዋት ባትና ተረከዝ ላይ የሚሰማ ግትርነት በሩጫ ካልፈታ፣ ቀጣዩ ዳገት ይዘለላል።

ስትራይድ ደግሞ ዳገት የሰጠውን ግፊት ሜዳ ላይ ወደ ውድድር ፍጥነት ያመጣዋል። ለጥ ያለ ሣር ላይ ከ80 እስከ 100 ሜትር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቀላል ሩጫ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይሠራል። ሯጩ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መሃል ላይ የ1500 ወይም የ800 ሜትር ፍጥነቱን ይይዛል፣ መጨረሻው ላይ ሳይጨናነቅ ይለቃል። ትከሻና መንጋጋ ከተወጠሩ ፍጥነቱ ከልክ አልፏል። የውድድር ወቅት ሲቃረብ ዳገቱ ወደ ሳምንት አንድ ቀን ይቀንስና ሁለት ሳምንት ሲቀር ይቆማል። ስትራይዱ ግን እስከ ውድድሩ ዋዜማ ይቀጥላል፤ የዋዜማው ዕለት አራት ይበቃል።