ቦርሳው የት እንዳለ የሚናገረው የማን ስልክ ነው?

ከሳንቲም ከፍ የምትል ክብ ነገር ናት፤ ቁልፍ መያዣ ላይ ትንጠለጠላለች ወይም ሻንጣ ኪስ ውስጥ ትገባለች። አፕል በ2021 ኤርታግ ብሎ ያወጣት፣ ሳምሰንግ ደግሞ ስማርትታግ እያለ የሚሸጣት ይህች ታግ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ጂፒኤስ የላትም። ሲም ካርድም የላትም። የት እንዳለች ራሷም አታውቅም።

ሥራዋ በብሉቱዝ አጭር መልእክት እየለቀቁ መዋል ነው። ከባለቤቷ ስልክ የራቀች ኤርታግ በየሁለት ሰከንዱ ገደማ አንድ ረጅም ቁጥር ታሰማለች። መልእክቱ እጅግ አጭር ስለሆነ CR2032 የምትባለው ጠፍጣፋ ባትሪ ዓመት ገደማ ትቆይላታለች። ታጓ መጀመሪያ ከስልክ ጋር ስትገናኝ ሁለቱ የጋራ ምስጢር ይይዛሉ፤ በባለቤቱ አካውንትም ትመዘገባለች። ባለቤቱ ከአካውንቱ ካላስወጣት በቀር ሌላ ሰው የራሱ ሊያደርጋት አይችልም።

ከዋሽንግተን ተነስታ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ቀይራ አዲስ አበባ የገባች አንዲት መንገደኛ እናስብ። ቦሌ ላይ ሻንጣ ማመላለሻው ባዶውን ይዞራል፤ የእሷ ሻንጣ የለም። ስልኳ ላይ Find My የሚለውን ስትከፍት ታጓ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ፣ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በፊት እንደታየች ይነግራታል።

ይህን ወሬ ያመጣው የማታውቀው ሰው ስልክ ነው። አይፎን በኪሱ የያዘ አንድ የሻንጣ ሠራተኛ በአጠገቡ ሲያልፍ ስልኩ የታጓን ቁጥር ሰማ፤ ስልኩ ራሱ ያለበትን ቦታ በዚያ ቁጥር ቆልፎ ወደ አፕል ላከው። ሠራተኛው ምንም አላወቀም። አፕልም ቢሆን የተቆለፈውን ማንበብ አይችልም፤ መክፈቻው ያለው መንገደኛዋ ስልክ ውስጥ ነው። ቁጥሩም ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚቀያየር ባዕድ ሰው ታጓን እየሰማ ባለቤቷን ሊከታተልበት ይቸገራል።

ካርታው ላይ ከቦታው ይልቅ ሰዓቱን ማንበብ ይበልጣል። «ከአሥራ አንድ ደቂቃ በፊት» ማለት ሻንጣው ጀርመን ቀርቷል ማለት ነው። «ከስድስት ሰዓት በፊት» ቢል ግን ነገሩ ይለያል፤ በዕቃ ክፍል ውስጥ ታጓን የሚሰማ ስልክ ስለሌለ ሻንጣው ሰማይ ላይ ሆኖ ወደ ቦሌ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ከአየር ማረፊያው ሳይወጡ የጠፋ ሻንጣ ሪፖርት ማስሞላት የግድ ነው።

ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቦታውን ለአየር መንገድ በሊንክ ማጋራት ይቻላል። ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽና ብሪቲሽ ኤርዌይስ ይህን ከሚቀበሉት መካከል ናቸው። ሊንኩ ሻንጣው ባለቤቱ እጅ ሲገባ፣ ካልሆነም በሰባት ቀን ይዘጋል። የሚገርመው፣ ሉፍታንዛ በ2022 ሥራ ላይ ያሉ ታጎች በሻንጣ እንዳይገቡ ተናግሮ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን የለወጠ አየር መንገድ ነው።

ሻንጣው አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ላይ ቢረሳስ? እዚህ ላይ የታጉ ዓይነት ይወስናል። ኤርታግን የሚሰሙላት የአፕል መሣሪያዎች ብቻ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ግን አብዛኛው ሰው የያዘው አንድሮይድ ነው። ቦሌ ተርሚናል ውስጥ አይፎን አይጠፋም፤ አንድ ሰፈር ጓሮ ውስጥ ግን ታጓን የሚሰማ ስልክ ለሰዓታት ላያልፍ ይችላል። ጉግል በ2024 የከፈተው መረብ በአንድሮይድ ስልኮች ይሠራል፤ ሆኖም መነሻ ቅንብሩ ብዙ ስልክ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ያተኮረ ነው። በሁለቱም በኩል ዳታውን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ስልክ የሰማውን ወዲያው አይልክም።

ቤት ውስጥ ለጠፋ ቁልፍ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ባለቤቱ ከስልኩ ታጓን ያስጮሃል፤ ድምፁ ከሶፋ ሥር ይሰማል። ብሉቱዝ ርቀትን የሚገምተው በምልክቱ ጥንካሬ ስለሆነ ግድግዳና ብረት ያሳስቱታል። ኤርታግ ግን አልትራ ዋይድባንድ የተባለ ሌላ ሬዲዮም አላት፤ ምልክቱ የሚመላለስበትን ጊዜ ስለሚለካ፣ ከአይፎን 11 ወዲህ በመጡ አብዛኞቹ አይፎኖች ላይ አቅጣጫውንና ርቀቱን በቀስት ያሳያል።

ሌባን ለመያዝ ግን ታጓ አልተሠራችም። ሰው በድብቅ እንዳይከታተሉባት ሲባል፣ የሌላ ሰው ታግ አብሮት እየተጓዘ መሆኑን የአይፎንም ሆነ የአንድሮይድ ስልክ ለያዡ ያሳውቃል፤ ከባለቤቷ ለሰዓታት የተለየች ኤርታግም ስትንቀሳቀስ ራሷ ትጮሃለች። ሌባው ፈልጎ ካገኛት ባትሪዋን ያወጣል፤ ለባለቤቱም የሚቀረው መጨረሻ የታየችበት ቦታና ሰዓት ነው።