የሶላሩ ዋጋ በዋት ሲሰላ

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ላለው ሰው ሁለት ድርጅቶች ጣራው ላይ ሶላር ለመግጠም ዋጋ አቀረቡለት እንበል። አንዱ 24,000 ዶላር አለ፣ ሌላው 21,000። የሁለተኛው ርካሽ ይመስላል። የመጀመሪያው ግን ባለ 400 ዋት ፓነል 20 ይገጥማል፤ በድምሩ 8,000 ዋት ነው። ሁለተኛው የሚገጥመው 15 ብቻ ነው፤ 6,000 ዋት። ዋጋውን ለዋቱ ብናካፍል የመጀመሪያው በዋት 3 ዶላር፣ ሁለተኛው 3.50 ይመጣል። ውድ የሆነው ርካሽ የመሰለው ነው።

ይህ ንጽጽር የሚሠራው ሁለቱም ዋጋዎች ተመሳሳይ ነገር ሲይዙ ነው። ባትሪ ካለ ዋጋው ለብቻው ይውጣ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በብድሩ ላይ የሚደበቀው ክፍያ ነው። ወለዱ በጣም ዝቅ ያለ ብድር ሲቀርብ፣ አበዳሪው ያጣውን ወለድ የሚያካክስ ክፍያ ብዙ ጊዜ በሶላሩ ዋጋ ላይ ተጨምሯል። ስለዚህ «በካሽ ብከፍልስ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። በዋት የሚሰላው የካሽ ዋጋው ነው።

ወደ ቁጠባው እንምጣ። በዚያ አካባቢ ጥላ የሌለበት፣ ወደ ደቡብ ያጋደለ ጣራ ላይ 1,000 ዋት ሶላር በዓመት 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል። 8,000 ዋቱ 9,600 ይሰጣል ማለት ነው። ቤቱ በዓመት ይህን ያህል የሚጠቀም ከሆነና ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም የሚከፍል ከሆነ፣ በዓመት 1,728 ዶላር ይተርፈዋል። 18 ሳንቲሙን ከቢሉ ስናወጣ በየወሩ የማይቀረውን ቋሚ ክፍያ መቀነስ አለብን፤ ሶላር እሱን አያስቀርም።

24,000 ለ1,728 ሲካፈል ወደ 14 ዓመት ይሆናል። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የፌዴራሉ መንግሥት ሶላሩን ራሱ ለገዛ የቤት ባለቤት የወጪውን 30 በመቶ ከታክሱ ይቀንስለት ነበር። ያኔ ወጪው 16,800 ይሆንና ከ10 ዓመት በታች ይመለስ ነበር። ያ ቅናሽ ከ2025 በኋላ ለሚገጠም ቀርቷል፤ ሻጩ አሁንም ቀንሶ ካሰላ ሒሳቡ ስህተት ነው።

ሻጩ ያቀረበው ወረቀት ከ14 ዓመት ያነሰ ጊዜ ካሳየ፣ የመብራት ዋጋ በየዓመቱ በስንት በመቶ ይጨምራል ብሎ እንደገመተ ይፈለግ። በ5 በመቶ ከሆነ ያው ሶላር በ11 ዓመት ገደማ የሚመለስ ይመስላል። ፓነሎቹ ግን በየዓመቱ ግማሽ በመቶ ያህል እየደከሙ ይሄዳሉ። የፓነሉን ኃይል ለቤቱ መብራት የሚለውጠው ኢንቨርተርም ዋስትናው 10 ወይም 12 ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል። ዋስትናው አልቆ ቢቃጠልና ቅያሪው 2,000 ዶላር ቢፈጅ፣ የመመለሻው ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይራዘማል።