ከቆርቆሮው በላይ የቀረ ኔትወርክ

ደጅ ላይ የሚሠራ ስልክ ቤት ሲገባ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የጣሪያው ቆርቆሮ ሞገዱን ስለሚመልሰው ነው። የኔትወርክ ማጉያ በዋናነት የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ቤት ነው፤ የውጪው አንቴና ከጣሪያ በላይ የተቀበለውን ሞገድ በኬብል ወደ ማጉያው ያደርሳል፣ የውስጡ ደግሞ ለስልኩ ያሰራጫል። ስልኩ የሚልከውም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

የስልኩ ሴቲንግ ደጅ ላይ -100 dBm፣ ቤት ውስጥ -118 dBm ቢያሳይ ማጉያው ያዋጣል፤ ወደ ዜሮ የቀረበው ቁጥር የተሻለ ነውና። ጣሪያው ላይም ምንም ሞገድ ከሌለ ግን የሚጎላ ነገር የለም።

ሁለቱ አንቴናዎች ከተቀራረቡ ማጉያው የራሱን ሞገድ መልሶ እየተቀበለ ይረበሻል፣ የጎረቤትንም ኔትወርክ ያውካል። ስለዚህ የውጪው ከቆርቆሮው በላይ፣ የውስጡ ከሥሩ ራቅ ብሎ ይተከል። ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃው የተፈቀደና ለምትጠቀሙበት ኔትወርክ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ።